ከዋናው ጋር የተገናዘበ ኢሜይል

ጋሽ ገብረአምላክ ጡረታ ሲወጡ መዝገብ ቤቱ ተከትሏቸው ቀራንዮ መጣ። እንዲያው ለነገር ማሳመሪያ የምለው አይደለም። ሰውየው ዕድሜያቸውን ሙሉ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሲያገለግሉ ኖረው፣ አሁን የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ናቸው፤ ማህተሙም እሳቸው ጋ ነው የሚያድረው። ውሃ ጠፋብኝ ብሎ አቤት የሚል፣ ልጁን ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት የሚያዛውር፣ ከአከራዩ የተጣላ ሁሉ ደብዳቤ የሚያጽፈው በእሳቸው ነው። ገንዘብ አይቀበሉም። የሚፈልጉት ክርክር ብቻ ነው፤ እሱንም ሁልጊዜ ያሸንፋሉ።

እምነታቸው አንድ ነው። በደብዳቤ ላይ የሚሰፍር ቃል በሙሉ በሰነድ መደገፍ አለበት። በሰነድ ያልተደገፈ ነገር፣ ፀሐይ የሞቀው እውነት ቢሆን እንኳን፣ ለእሳቸው ወሬ ነው። አንድ ጊዜ ጎረቤታችን ባለቤቷ መሞቱን ለመሥሪያ ቤቱ ልታሳውቅ ብትመጣ፣ ራሳቸው ቀብረውት ገና ከቀብር ሲመለሱ፣ “የሞት ምስክር ወረቀቱ የታለ?” አሏት።

እኔ አልፊያ እባላለሁ። በማኔጅመንት ተመርቄ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። እነዚህን ሁለት ዓመታት ከቴሌግራም የሥራ ቻናል ላይ ማስታወቂያ እየለቀምኩ ማመልከቻ ስሰድ፣ ማንም ሳይመልስልኝ አለፉ። እምቢ እንኳን የሚለኝ ጠፋ። ሰው እንዴት እምቢታ ይናፍቃል? እኔ ናፍቄያለሁ። ቀን ቀን እናቴ ፈይዛ መጋረጃ በምትሰፋበት ሱቅ እውላለሁ። እናቴ “ምላስሽ ከመቀሴ ይብሳል” ትለኛለች፤ መቀስ ደግሞ ታውቃለች።

ከእናቴ ጋር ስምምነት አለን። ስምምነት ልበለው እንጂ የወሰነችው እሷ ናት። የሱቁ ንግድ ፈቃድ እስከሚታደስበት ወር ድረስ ሥራ ካገኘሁ ጥሩ፤ ካላገኘሁ ፈቃዱ በእኔ ስም ይዞራል፣ እኔም ወረቀት መላኬን ትቼ እስከ ወዲያኛው ከመጋረጃ ጋር እኖራለሁ። ሱቁን አልጠላውም። ግን ተምሬ፣ ተመርቄ፣ ፎቶዬን በጥቁር ቆብ አስለጥፌ፣ መጨረሻዬ ያው የተነሣሁበት ወንበር መሆኑ ያንገበግበኛል። ወሩ ደግሞ ደርሶ ነበር።

ቤቴል ያለ አንድ የግል ክሊኒክ ለእንግዳ መቀበያ የደንበኞች አገልግሎት አስተባባሪ እንደሚፈልግ ያየሁት በዚያ ሰሞን ነው። ማስታወቂያው “ሲቪና የማመልከቻ ደብዳቤ በኢሜይል ይላክ” ይላል። እናቴ፣ “ይኼን እንኳን ከሰው ተማክረሽ ጻፊው” ብላ ጋሽ ገብረአምላክ ጋ ሰደደችኝ።

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ሲቪዬን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። እንግሊዝኛው አያስቸግራቸውም። ከዚያ ተነሥተው ቆሙና እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ያስጽፉኝ ጀመር። እኔ ስልኬ ላይ እጽፋለሁ።

“ጉዳዩ፤ የሥራ ማመልከቻ ስለማቅረብ ይሆናል” አሉ።

“ጋሼ፣ ኢሜይል እኮ ነው።”

“ኢሜይል ጉዳይ የለውም? ያለ ጉዳይ ነው የሚጻፈው?”

ርዕስ መጻፊያው ቦታ ላይ የማስታወቂያውን ቁጥርና የሥራ መደቡን አስጻፉኝ። ከዚያ ሲቪዬን መስመር በመስመር ወደ አማርኛ መለሱት። የትውልድ ቦታ፤ ቀራንዮ። ትምህርት፤ በማኔጅመንት የመጀመሪያ ዲግሪ፤ አጠቃላይ ነጥብ ይኸን ያህል። ቋንቋ፤ አማርኛ እጅግ በጣም ጥሩ፣ እንግሊዝኛ በጣም ጥሩ። የኮምፒዩተር ችሎታ። የሥራ ልምድ፤ ለጊዜው የለም። በመጨረሻም “ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ከዚህ ጋር ከተያያዘው ሲቪ ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጣለሁ” የሚል አስጨመሩ።

“ሲቪው ላይ ያለውን ለምን እንደግመዋለን ጋሼ?” አልኳቸው።

ሊያዝኑልኝ ትንሽ ቀራቸው። “ልጄ፣ ደብዳቤው ሌላ፣ ሰነዱ ሌላ ካለ የሚያይሽ ሰው የትኛውን ይመን? ሁለቱ አንድ ሲሆኑ ነው ልቡ የሚያርፈው። ከዋናው ጋር ተገናዝቧል ይባላል።”

ላክሁት። በማግስቱ ሱቅ ውስጥ የጨርቅ ጥቅል ስሸከም ስልኬ ጮኸ። መልስ መጥቷል። ጥቅሉን ወርውሬ እናቴን ሳምኳት። እናቴ ስሜያት ሳልጨርስ “ጨርቁ! ጨርቁ መሬት ነካ!” ትላለች። ከዚያ አነበብኩት።

“ለአልፊያ ሽኩር። ማመልከቻዎ ደርሶኛል። መጀመሪያ ኢሜይሉን፣ ቀጥሎ ሲቪውን አነበብኩ። አንዱን ፋይል ሁለት ጊዜ የከፈትኩ መስሎኝ ተመልሼ አየሁ። ኢሜይልዎ ላይ፣ ሲቪዎ ላይ የሌለ አንድም ነገር አላገኘሁም። በማኔጅመንት የተመረቁ ብዙ ሰዎች አመልክተዋል፤ በዲግሪ ልለያችሁ አልችልም። ሥራው ወረፋ ያሰለቸውን ታካሚና ቤተሰቡን ማስተናገድ ነው። ለዚህ ሥራ ለምን እንደሚሆኑ፣ ሲቪው የማይነግረኝን ነገር በአጭሩ ይጻፉልኝ። እስከ ዓርብ እጠብቃለሁ። ወለተጻድቅ፣ የሰው ኃይል አስተዳደር።”

ደስታና እፍረት እኩል መጡብኝ። መልስ ማግኘቴ ደስ አለኝ፤ የተባልኩት ነገር ደግሞ እውነት ነው። ሮጬ ጋሽ ገብረአምላክ ጋ ሄድኩ።

አንብበው ሲጨርሱ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በጥንቃቄ አስቀመጡት፤ የሚፈነዳ ነገር ያስቀመጡ ነው የመሰለኝ። “ወጥመድ ነው” አሉ።

“የምን ወጥመድ?”

“ሰነድ ላይ የሌለ ነገር እንድትጽፊ እየገፋፋችሽ ነው። ጻፍሽ፤ ያዘችሽ። ‘ይኼ ከየት መጣ?’ ብትልሽ ምን ታሳያለሽ? ይቺ ሴትዮ ብልህ ናት። መልሱ ቀላል ነው፤ ‘ቀደም ሲል የላክሁት በሙሉ ትክክል መሆኑን በድጋሚ አረጋግጣለሁ’ ብለሽ ያንኑ ላኪላት።”

“ያንኑ?!”

“ያንኑ። ስትጸኚ ታያለች።”

ጋሼን እንደ አባቴ ነው የማከብራቸው፤ ስለዚህ በፊታቸው አልጮህኩም። መንገድ ላይ ግን ብቻዬን አጉረመረምኩ፣ አንዲት ሴትዮ ዞር ብላ “ምን አልሽኝ?” እስክትለኝ ድረስ።

ጓደኛዬ ሰልዋ ጋ ሄድኩ። ሰልዋ ለሁሉም ነገር ኤአይ የምትጠይቅ ልጅ ናት፤ ለወንድ የምትመልሰውን መልስ እንኳን በእሱ ታስጽፋለች። ታሪኩን ስነግራት ሳቀች። “የመዝገብ ቤት ሽማግሌ ይዘሽ የት ልትደርሺ ነው? አምጪ ሲቪሽን” አለችና ስልኳ ላይ ጫነችው። “ለዚህ ሥራ የሚሆን ምርጥ የማመልከቻ ደብዳቤ ጻፍ” አለችው። አንድ ጉንጭ ማኪያቶ ሳልውጥ ጽፎ ጨረሰ።

እንግሊዝኛው እንደ ሐር ነው። “በከፍተኛ ተነሣሽነት የምትታወቅ”፣ “ለላቀ ውጤት የምትተጋ”፣ እንዲህ እንዲህ የሚል። አምሮኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሦስተኛው ቅሌቱ ታየኝ። በማኔጅመንት ዲግሪ አላት፤ ነጥቧ ይኸን ያህል ነው፤ አማርኛና እንግሊዝኛ ትችላለች፤ ኮምፒዩተር ትችላለች፤ በሥራዋ ዓለም መጀመሪያ ላይ ናት። ሲቪዬ ነው! ከረባት አስሮ መጣ እንጂ ያው ሲቪዬ ነው።

“ሰልዋ፣ ይኼ እኮ ጋሽ ገብረአምላክ ነው” አልኳት።

“አንቺ የሰጠሽውን ነው የጻፈው፤ ከየት ያምጣልሽ ታዲያ?” አለችኝ። ቃሏ አናደደኝ፤ ልክ ስለሆነች ነው የተናደድኩት። እኔ ራሴ ለማሽኑም ለሽማግሌውም ከሲቪው ሌላ ምንም አልሰጠሁም። ስለ ራሴ ምን አውቃለሁ? ምንም አልመጣልኝ አለ።

ሐሙስ ሱቅ ውስጥ ሆኜ ይህንኑ ሳሰላስል ወይዘሮ የሺእመቤት ገቡ። የሳሎናቸውን መጋረጃ ካዘዙ ሰንብተዋል። ልጃቸውን ሊያጩ ሽማግሌ የሚመጣው ቅዳሜ ነው፤ መስኮታቸው ግን ራቁቱን ነው። እናቴ ቀና ሳትል፣ ማሽኗን ሳታቆም፣ “ነገ ብቅ ይበሉ” አለቻቸው።

እዚህ ላይ የእናቴን ጠባይ መናገር አለብኝ። እናቴ ውሸታም አይደለችም፤ ሶላቷን አታጓድል፣ የሰው ሐቅ አትነካ። ግን እንደ ማንኛውም ልብስ ሰፊ፣ “ነገ” ማለት ለእሷ ቀን አይደለም፤ ሰላምታ ነው። ጨርቁ ባይቆረጥም ነገ ነው፤ ክሩ ቢያልቅም ነገ ነው። በዚህ ነገር ስንጣላ ኖረናል።

“ነገ አይደርስም እትዬ” አልኳቸው። “ጨርቅዎ የተቆረጠው ዛሬ ጠዋት ነው። ከፊትዎ የአንድ ሙሽራ ቤት አለ፤ እሱ ዛሬ ማታ ያልቃል። የእርስዎ ነገ ቀኑን ሙሉ ይሰፋል፤ ማታ ይተኮሳል። ቅዳሜ በጠዋት ራሴ አምጥቼ እሰቅልልዎታለሁ። ከቀረ ደግሞ ነገ ከሰዓት ደውዬ እነግርዎታለሁ፤ ቢያንስ ከጎረቤት ይዋሳሉ።”

ወይዘሮ የሺእመቤት ተናደዱ። “ቀብድ የተቀበላችሁት መቼ ነው!” አሉ። “ልክ ነዎት፤ እኛ ነን ያዘገየነው” አልኩ። ትንሽ ቆመው አጉረመረሙ። ከዚያ በርጩማ ስበው ተቀመጡ፤ ስለሚመጡት ሽማግሌዎች ይነግሩኝ ጀመር።

እናቴ በጉራጊኛ ስታጉተመተም ሰማኋት። ወደ አማርኛ ስትመለስ “አንቺ ልጅ ደንበኛ ታሳጪኛለሽ” አለች።

ይህን ጊዜ ጋሽ ገብረአምላክ ደረሱ። ስላልላክሁት መልስ ሊጠይቁኝ ነው የመጡት። የሰልዋን ደብዳቤ አሳየኋቸው፤ ልቤ ውስጥ ትንሽ ተንኮል ነበረ፣ በማሽን ተበለጡ ልላቸው ነበር። አነበቡ። ፊታቸው በራ።

“ይኼን የጻፈው ልጅ ማን ነው?” አሉ።

“ኮምፒዩተር ነው ጋሼ።”

“አይደለም! ይኼ መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ነው። አንድም ነገር አልጨመረ፣ አንድም አልቀነሰ! ፈይዛ፣ ስሚ እስቲ!” አሉና ደብዳቤውን ለእናቴ ወደ አማርኛ እየመለሱ፣ ጎን ለጎን የእሳቸውን እያነበቡ ያገናዝቡ ጀመር። እናቴ እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ሲቪዬ ምን እንደሚል ሰምታ አታውቅም። ማሽኗን እየነዳች “እሺ… እሺ” ትላለች። ዲግሪ። እሺ። ነጥብ። እሺ። ኮምፒዩተር። እሺ።

“የሥራ ልምድ፤ የለም” አሉ ጋሼ።

ማሽኑ ቆመ።

“ምን የለም?” አለች እናቴ።

“የሥራ ልምድ። እዚህም የለም፣ እዚያም የለም። ተገናዝቧል።”

እናቴ እኔን አየችኝ። ቁጣዋን አውቀዋለሁ፤ ይኼ ቁጣ አልነበረም። “ዩኒቨርሲቲ ከገባሽ ጀምሮ እኔ ጋ ምን ስትሠሪ ነበር?” አለች። “ልኬት የሚወስደው ማነው? ከሰው ጋር የሚነጋገረው ማነው? ጠዋት ከፍተሽ ማታ የምትዘጊው ምኑን ነው?”

“እማ፣ እሱ እኮ… ወረቀት የለውም። ደሞዝ ተከፍሎኝ፣ ደብዳቤ ተሰጥቶኝ…”

“ወረቀት ስለሌለው ነው የለም የምትዪው? እኔም ወረቀት የለኝም። የለሁማ!”

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አፌ መቀስ ነው ይባላል፤ በዚያን ሰዓት አንድ ክር አይቆርጥም ነበር። ሱቁን የሸሸግሁት ወረቀት ስለሌለው ብቻ አልነበረም፤ አፍሬበት ነው። እናቴ ደግሞ ገብቷታል።

ያተረፉኝ ወይዘሮ የሺእመቤት ናቸው። “ልምድ የላትም?” ብለው ከበርጩማው ተነሡ። “ይቺ? አሁን ከዚህ ተናድጄ ጨርቄን ይዤ ልወጣ አልነበር እንዴ! ማን አስቀመጠኝ? ዲግሪው አስቀመጠኝ?”

ከዚያ ወረፋ ያሰለቸው ታካሚ የሚለው የወይዘሮ ወለተጻድቅ ቃል መጣብኝ። ወይዘሮ የሺእመቤትን አየኋቸው፤ ወረፋ ያሰለቸው ሰው እኮ ፊቴ ቆሟል። በርጩማውን ወስጄ በር ላይ ተቀመጥኩና ማንንም ሳላማክር ጻፍኩ።

“ወይዘሮ ወለተጻድቅ፣ ያለፈው ኢሜይሌ ሲቪዬን መልሶ የሚያነብ ነበር፤ ልክ ነዎት። ሲቪዬ የሥራ ልምድ የላትም ይላል፤ እሱ ግን ልክ አይደለም። እናቴ ቀራንዮ መጋረጃ ትሰፋለች፤ ከዩኒቨርሲቲ ጊዜዬ ጀምሮ ደንበኛ የማስተናግደው እኔ ነኝ። እኛ ጋ ሰው የሚጣላው ሥራው ስለዘገየ አይደለም። ‘ነገ’ ተብሎ ሲመጣ ሌላ ‘ነገ’ ስለሚጠብቀው ነው። እኔ ከፊቱ ማን እንዳለና መቼ እንደሚደርስ እነግረዋለሁ፤ ከተበላሸም መንገድ ሳይጀምር እደውላለሁ። ሲነገረው የሚቆጣ አለ፤ ጨርቁን ይዞ የሚሄድም አለ። የሚበዛው ግን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

“እናንተ ጋ አክስቴን ይዤ መጥቼ አውቃለሁ። ‘አሁን ትገባላችሁ’ ተብለን ብዙ ተቀመጥን። ክፉ የተናገረን የለም፤ የሚነግረን ሰው ነው የጠፋው። እኔ እዚያ ብሆን መጀመሪያ የማደርገው፣ ዶክተሩ ሲዘገይ ከወንበሬ ተነሥቼ መዘግየቱን መናገር ነው። ቁጡ ሰው ነኝ፤ ይህንንም ሲቪው አይነግርዎትም። ግን ደንበኛ ላይ ጮኬ አላውቅም። የምጮኸው በኋላ፣ እናቴ ላይ ነው።”

ጮክ ብዬ አነበብኩት። ወይዘሮ የሺእመቤት ሳቁ። እናቴ ፊቷን ወደ ማሽኑ መልሳ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ነካ አደረገች፤ አቧራ ነው ብትል እንኳን ደስ ባለኝ።

ጋሽ ገብረአምላክ ግን ተጨንቀዋል። “ማስረጃው የታለ?” ይላሉ። “አንድ ቃል እንኳን ሰነድ የለውም! ስለ እናትሽ ይላል፤ ሰነድ የለም። ስለ አክስትሽ ይላል፤ ሰነድ የለም። ቁጡ ነኝ ይላል፤”

“እሱንማ እኛ እንመሰክራለን” አሉ ወይዘሮ የሺእመቤት።

ይህን ባይሉ ጥሩ ነበር። ጋሼ ምስክር የሚለውን ቃል ሲሰሙ ነቁ፤ ውልቅ ብለው ወጡ። ሲመለሱ ወረቀት ይዘዋል። “አልፊያ ሽኩር በመጋረጃ ሱቅ ደንበኞችን በእውነት የምታስተናግድ መሆኗን፣ ቁጡ መሆኗንም ጨምሮ፣ እድራችን ያረጋግጣል” ይላል። ከሥሩ ወይዘሮ የሺእመቤትን እዚያው አስፈረሙ፤ ከፊርማው አጠገብ የእድሩ ክብ ማህተም አለ፣ ወፍራም ሐምራዊ ቀለም። “ይኼ ካልተያያዘ አትላኪው” አሉ። እምቢ ልል አሰብኩ። ዓይናቸውን አየሁና ፎቶ አንሥቼ አያይዤ ላክሁት።

ቅዳሜ በጠዋት የወይዘሮ የሺእመቤትን መጋረጃ ሰቀልኩ፤ ሰኞ ተጠራሁ።

ክሊኒኩ ጋ አየር ጤና ወርጄ በሌላ ታክሲ ነው የምደርሰው። መንገዱን ሙሉ ጭንቀቴን ሳመነዥክ ረዳቱ መልሴን ረስቶ ሄደ፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን አስፋልቱን አቋርጬ አስመልሰው ነበር። ወይዘሮ ወለተጻድቅ ጠና ያለች፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ የምታደርግ ሴት ናት። ከፊቷ ጠረጴዛው ላይ የእድሩ ወረቀት ታትሞ ተቀምጧል።

“አንቺ ልበልሽ አይደል? ልጄ ትሆኛለሽ” አለችና ወረቀቱን አነሣች። “ይኼ እድር ነው?”

“አዎ።”

“እኔ የማውቀው እድር የሚመሰክረው ለሞተ ሰው ነው።”

“የጻፉት ጎረቤታችን ናቸው። ያለ ማስረጃ አይሆንላቸውም።”

“የመጀመሪያውንም ኢሜይል እሳቸው ናቸው ያስጻፉሽ?”

አዎ አልኩ። ራሷን ነቀነቀች። “ሰላም በይልኝ። የማስታወቂያውን ቁጥርና የሥራ መደቡን በትክክል ርዕሱ ላይ የጻፍሽልኝ አንቺ ብቻ ነበርሽ። የስንቱ ኢሜይል ባዶ ርዕስ ነው፤ የስንቱ የሌላ ድርጅት ስም ይዞ ነው የመጣው። አሁን ሌላ ቦታ የላኩትን ነው ገልብጠው የሚልኩልኝ። ያንቺን ከፍቼ ያነበብኩትም፣ የመለስኩልሽም ለዚያ ነው። ውስጡ ግን…” እጇን አወናጨፈች። “ሲቪ ምን እንደተማርሽ ይነግረኛል። ኢሜይሉ የተጻፈው የእኔን ችግር አይተሽ እንደሆነ ነው ማየት የምፈልገው። ሁለተኛው አይቶታል። እንደዚያ ሰው የሚቀመጠው ዶክተሩ ሌላ ክሊኒክ ሲሆን ነው፤ እኛም እናውቃለን።”

ወንበሬን ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አደረግኩ።

“አሁን” አለች “ማህተሙን ተይው። ያሠራሽን ሰው ስልክ ስጪኝ። ለማንኛውም አመልካች የማደርገው ነው።”

“ያሠራችኝ እናቴ ናት።”

“የእናትሽን ስጪኝ።”

እዚያው፣ ፊት ለፊቴ፣ ደወለች። ድምፁን ከፍ አደረገችው። መጀመሪያ ማሽኑ ተሰማ፤ ከዚያ እናቴ።

“ሰው አለብኝ፤ ነገ ደውዪ።”

ዓይኔን ጨፈንኩ። ወይዘሮ ወለተጻድቅ ሳቋን ዋጠችና ማን እንደሆነች ነገረቻት። ማሽኑ ቆመ።

“ምን አጠፋች?” አለች እናቴ።

“ምንም አላጠፋችም። ሱቅዎ ውስጥ ሥራዋ እንዴት እንደሆነ ልጠይቅዎ ነው። እውነቱን ይንገሩኝ።”

“እውነቱን? ወላሂ፣ እውነት አስቸጋሪ ነው ከሷ ጋር።” እናቴ ተነፈሰች። “ትቆጣለች። ጨርቅ ትጥላለች። ‘ነገ’ ማለት አትወድም፤ አንድ ቃል ናት፣ ምን ይጎዳታል? ያልደረሰውን አልደረሰም ብላ ስንቱን ሰው አስኪዳብኛለች።”

ወንበሬ ውስጥ ሰመጥኩ። በገዛ እናቴ አለቀልኝ።

“ግን” አለች እናቴ “የሄዱት ይመለሳሉ። ሌላ ቦታ ነገ ነገ ሲባሉ ይሰነብቱና ይመለሳሉ። ሲመጡ ደግሞ እኔን አይደለም የሚጠይቁት፤ ‘ልጅቷ አለች?’ ነው የሚሉት። እኔ ሃያ ዓመት የሰፋሁበት ሱቅ እኮ ነው። ልጅቷ አለች?”

“ታዲያ እንድንቀጥራት ይመክራሉ?”

ከወዲያ በስልኩ ውስጥ መኪና ሲያልፍ፣ ሰው ሲጣራ ይሰማል።

“አልመክርም” አለች እናቴ። “እሷ ከሄደችብኝ ማን አለኝ? ንግድ ፈቃዱን በስሟ ላዞር ወረቀቱን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። እንዳትወስዷት ነው የምፈልገው።” ድምፅዋ ተሰበረ፤ መልሳ አቃናችው። “እሱ ለእኔ ነው። ለእናንተማ እሷን የመሰለ ከየት ታገኛላችሁ። ውሰዷት። ግን ‘አሁን ትገባላችሁ’ በዪ እንዳትሏት፤ እምቢ ትላችኋለች።”

ስልኩ ሲዘጋ እንባዬ ወርዶ አገጬ ደርሶ ነበር። በሕይወቴ እናቴ አንድ ቀን “ጎሽ” ብላኝ አታውቅም። ያለችው ለማታውቃት ሴት፣ እኔ የማልሰማ መስሏት ነው። ወይዘሮ ወለተጻድቅ ሶፍት ገፋ አደረገችልኝና መነጽሯን ልትወለውል ዞር አለች፤ የምትወለውለው ያልቆሸሸ መነጽር ነበር።

“ከነገ ጀምሮ ብትገቢ ደስ ይለኛል” አለች በመጨረሻ። “ወንበሩ ባዶ ነው፤ ሰው ይጣላል። ትችያለሽ?”

ሁለት ዓመት ሙሉ የጠበቅሁት ጥያቄ ነው። አዎ ለማለት አፌን ከፈትኩ።

“አልችልም” አልኩ። “ለሐሙስ ቃል የገባሁት መጋረጃ አለብኝ። ከእናቴ ጋር ሰው ፈልገን ማስለመድም አለብኝ። ከዛሬ ሳምንት ሰኞ ጠዋት እገባለሁ። ካልቻልኩ ቅዳሜ ደውዬ እነግርዎታለሁ።”

ወይዘሮ ወለተጻድቅ ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ብዕሯን አነሣችና የሰኞውን ቀን ጻፈች።